ዋይፋይ ሲንቀራፈፍ፦ በኬብልና በዋይፋይ ለክቶ ችግሩ የት እንዳለ መለየት (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ይህ ገጽ የተዘጋጀው በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች፣ ማለትም በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በአያትና በመሳሰሉት ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ላስገቡ ሰዎች ነው። እዚህ «ሜጋ» ስንል ሜጋ ቢት በሰከንድ ማለታችን ነው፤ የጥቅል ውል የሚጻፈውም የፍጥነት መለኪያ ገጾች የሚያሳዩትም በእሱ ነው። ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሜጋ ባይት ስለሆነ፣ ከውሉ ጋር ለማነጻጸር ያንን ቁጥር በ8 ያባዙት።

ኢንተርኔቴ ቀርፋፋ ነው። ለምን መጀመሪያ በኬብል ለካ ትሉኛላችሁ?

ምክንያቱም መረጃው ስልክዎ ላይ እስኪደርስ ሁለት መንገድ ይሄዳል። አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ራውተሩ ያለው ነው፤ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ስልክዎ በአየር የሚሄደው። በስልክ በዋይፋይ ብቻ ሲለኩ የሚያገኙት ቁጥር የሁለቱ ድምር ውጤት ስለሆነ የትኛው እንደዘገየ አይነግርዎትም። ላፕቶፕዎን በኬብል ከራውተሩ ጋር ሲያገናኙ ሁለተኛው መንገድ ከጨዋታ ይወጣል። በኬብል ሙሉው ፍጥነት ከመጣ፣ ጥቅል ማሳደግም ሆነ ቴክኒሻን መጥራት ምንም አይለውጥም፤ ችግሩ ግድግዳው ውስጥ፣ ራውተሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ወይም መሣሪያው ላይ ነው። በኬብልም ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ዋይፋይ ማጠናከሪያ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሳይለካ ጥቅሉን ያሳድጋል፣ ጓዳው ውስጥ ያለው ፍጥነት ግን ያው ይሆናል።

ለልኬቱ ምን ያስፈልገኛል?

አንድ ላፕቶፕና አንድ የኔትወርክ ኬብል። ኬብሉ ላይ «ካት 5ኢ» ወይም «ካት 6» የሚል ጽሑፍ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ሁለት ሜትር ይበቃል። ላፕቶፕዎ የኬብል ቀዳዳ ከሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ የኔትወርክ አዳፕተር ይፈልጋሉ። ስትገዙ ፍጥነቱን ጠይቁ፤ ርካሾቹ ከ100 ሜጋ በላይ አያሳልፉም። ጥቅልዎ 25 ወይም 50 ሜጋ ከሆነ ይህ አያሳስብም፤ ከ100 በላይ ከሆነ ግን 1000 የሚያሳልፈውንና በዩኤስቢ 3 የሚሠራውን ይያዙ።

የኬብሉም የዋይፋዩም ልኬት በዚያው በአንድ ላፕቶፕ መደረግ አለበት። ኬብሉን በላፕቶፕ፣ ዋይፋዩን በስልክ ለክቶ ማነጻጸር የመሣሪያዎቹን ልዩነት ከዋይፋዩ ችግር ጋር ያደባልቃል።

ልኬቱን ደረጃ በደረጃ እንዴት ላካሂደው?

መጀመሪያ ቤቱን ጸጥ ያድርጉት። ቴሌቪዥኑ ከኢንተርኔት ይውጣ፣ የሌሎች ስልኮች ዋይፋይ ይጥፋ፣ ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤንም ሆነ የዊንዶውስ ማሻሻያ እየሠራ ከሆነ ይቁም። በተለይ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚጭን ስልክ ልኬቱን በጣም ያበላሻል።

ከዚያ ኬብሉን ከራውተሩ ላን ቀዳዳዎች በአንዱ ሰክተው የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው፤ ዋይፋዩ ካልጠፋ የለኩት የቱን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይችሉም። speedtest.net ከፍተው አዲስ አበባ ያለ አንድ ሰርቨር ይምረጡ፤ እስከ መጨረሻው ያንኑ ይጠቀሙ፤ ሰርቨር በተቀየረ ቁጥር ቁጥሩም ይቀየራልና። ሦስት ጊዜ ይለኩና መካከለኛውን ይጻፉ።

ቀጥሎ ኬብሉን ነቅለው ዋይፋዩን ያብሩ። ከራውተሩ ሁለት ሜትር ርቀው፣ መሃል ላይ ምንም ሳይኖር ሦስት ጊዜ ይለኩ። ራውተሩ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያወጣ ከሆነ (አንዱ የ2.4፣ ሌላው የ5 ጊጋኸርዝ) ሁለቱንም ለየብቻ ይለኩ። በመጨረሻ ችግር ወዳለበት ክፍል ሄደው እንዲሁ ያድርጉ። ስለዚህ በእጅዎ ሦስት ቦታ ይኖራል፦ በኬብል፣ አጠገቡ፣ ሩቅ። መካከለኛውን ቦታ መዝለል አይገባም። አጠገቡ ያለው ቁጥር ከሌለ «ዋይፋዩ ራሱ ደካማ ነው» እና «ግድግዳው ከለከለው» የሚሉትን መለየት አይቻልም።

ሁሉንም በአንድ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ይጨርሱ፤ ጠዋት የለኩትን ኬብል ከምሽት ዋይፋይ ጋር ማነጻጸር አይቻልም። ዳታዎ የሚቆጠር ከሆነም ያስቡበት፦ በ50 ሜጋ ለ10 ሰከንድ የሚወርድ አንድ ልኬት 60 ሜጋ ባይት ገደማ ይበላል፤ ወደ ላይ የሚጭነው ሳይጨመር።

ቁጥሮቹን እንዴት ላንብባቸው?

አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። ግቢ ያለው ቪላ ነው፤ ጥቅሉ 50 ሜጋ ፋይበር፣ ራውተሩ ሳሎን ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ቅሬታው ከግቢው ጀርባ ካለው ሰርቪስ ቤት ነው፤ እዚያ የሚማረው ልጅ ቪዲዮ ይቆራረጥበታል። ልኬቱ በኬብል 47፣ አጠገቡ በ5 ጊጋኸርዝ 46፣ አጠገቡ በ2.4 ጊጋኸርዝ 28፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ 4 ሆነ። የ5 ጊጋኸርዙ ስም ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ጭራሽ አይታይም።

47 ማለት መስመሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። በውሉ 50 ተጽፎ 47 መምጣቱ የተለመደ ነው፤ የመረጃው አድራሻና መሸፈኛ ራሱ ቦታ ይይዛል። 46 ራውተሩም ላፕቶፑም ደህና መሆናቸውን ይናገራል። 28ቱ የ2.4 ጊጋኸርዝ ተፈጥሮ ነው፤ ጠባብ መንገድ ላይ ብዙ መሣሪያ ስለሚጋፋ ከዚህ ብዙም አይጠበቅም። ከ28 ወደ 4 የወረደው ግን በርቀትና በግድግዳ ነው፤ ሳሎኑ ብሎኬት፣ ግቢው፣ ከዚያ የሰርቪስ ቤቱ ላሜራ በርና የቆርቆሮ ጣሪያ። ለዚህ ቤት ጥቅሉን ወደ 100 ማሳደግ ሰርቪስ ቤቱን ከ4 አያንቀሳቅሰውም። መፍትሔው ሌላ ነው፤ ወደ ታች እንደርስበታለን።

በኬብል ለካሁ፤ 94 ላይ ቆሞ አልነቃነቅም ይላል። ጥቅሌ ግን 200 ነው።

94 አካባቢ መቆም የራሱ ትርጉም አለው፦ በኬብሉ መንገድ ላይ የሆነ ነገር በ100 ሜጋ እየሠራ ነው። ስለ መስመርዎ ምንም አልተናገረም። ዊንዶውስ ላይ Settings ውስጥ ገብተው Network & internet፣ ከዚያ Ethernet የሚለውን ይክፈቱና Link speed የሚለውን ያንብቡ። 100/100 ካለ ጥፋተኛው ከሦስቱ አንዱ ነው፦ አዳፕተሩ፣ የራውተሩ ቀዳዳ ወይም ኬብሉ። ኬብሉ ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦ አለ፤ 100 ሜጋ በሁለቱ ጥንድ ብቻ ይሠራል፣ 1000 ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ሽቦ ጫፉ ላይ ካልተያዘች ኬብሉ የሚሠራ ይመስላል፣ ፍጥነቱ ግን በዝምታ ወደ 100 ይወርዳል። ሌላ ኬብል ይሞክሩ፤ ካልተቀየረ ሌላ ቀዳዳ፤ ራውተሩ ላይ ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ 1000 የሚሆንባቸውም አሉ።

በኬብልም ዝቅተኛ ነው። አሁንስ?

ቤቱ ውስጥ ሌላ ማንም እንደማይጠቀም ድጋሚ ያረጋግጡ። ከራውተሩ ላይ ከላፕቶፕዎ በስተቀር ሌላውን ኬብል ሁሉ ይንቀሉ፣ ለዚያች ልኬት የራውተሩን ዋይፋይ ያጥፉ። ራውተሩን ከሶኬት ነቅለው አንድ ደቂቃ ቆይተው ይመልሱት፤ ከበራ በኋላ አምስት ደቂቃ ይጠብቁና ይለኩ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ ራውተር ሳይጠፋ ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

አሁንም ዝቅ ካለ ሰዓቱን ይመልከቱ። ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት በኬብል 47 ሆኖ ከምሽቱ 2 ሰዓት 15 ከሆነ፣ ሰፈሩ በሙሉ የሚጋራው መስመር ምሽት ላይ ይጨናነቃል ማለት ነው፤ እቤትዎ ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ዝቅ ካለ ግን የመስመሩ ጥፋት ወይም የጥቅሉ አቀማመጥ ነው። ፋይበር ካለዎት ኤል ኦ ኤስ የተጻፈባት መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም የምትል ከሆነ የመስመሩ ብርሃን ወደ ሳጥኑ እየደረሰ አይደለም። ቀጭኑ የፋይበር ገመድ በቡፌ ጀርባ ተቆልምሞ ወይም በበር ተጣብቆ እንደሆነ ይዩ። በጠባብ መታጠፍ ብርሃኑን ያፈስሰዋል። ጫፉን ግን ነቅለው በጣት አይንኩ፤ ቆሻሻው ለመስመሩ አዲስ ችግር ይሆናል።

በመዳብ የስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት ከሆነ ደግሞ ከክረምቱ ጋር ያገናኙት። ዝናብ በጣለ ቁጥር ፍጥነቱ ከወረደና ስልኩን ሲያነሱ ጭርጭር የሚል ድምፅ ካለ፣ የሆነ ቦታ መገጣጠሚያ ውሃ ገብቶበታል። ይህን ለቴክኒሻኑ መንገር ጊዜ ያተርፍለታል።

በኬብል ደህና ነው፤ ከራውተሩ አጠገብ ግን በዋይፋይ ወዲያው ይወርዳል። ሁለት ሜትር ላይ ግድግዳ የለማ!

ግድግዳ ከሌለ የሚቀሩት ሞገዱ፣ ጎረቤትና መሣሪያው ናቸው። መጀመሪያ ላፕቶፑ በየትኛው ሞገድ እንደተያያዘ ይወቁ። ዊንዶውስ ላይ Command Prompt ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
netsh wlan show interfaces
```

Channel የሚለው ከ1 እስከ 13 ከሆነ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ነዎት፤ 36 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በ5 ጊጋኸርዝ። Receive rate የሚለው ራውተሩና ላፕቶፑ የተስማሙበት ፍጥነት ነው። ከዚህ በእውነት የሚገኘው ግማሹ ወይም ትንሽ በለጥ ያለው ነው። አንድ አንቴና ያለው የቆየ መሣሪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ በተለመደው የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ከ72 በላይ መስማማት አይችልም፤ ስለዚህ ከ35 እስከ 45 ካገኘ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። ጥቅሉ 100 ቢሆንም ያው ነው። ወደ 5 ጊጋኸርዝ መዛወር መድኃኒቱ ነው፤ መሣሪያው 5 ጊጋኸርዝ የማያውቅ ከሆነ ግን ራውተር መቀየር አያድነውም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። አንድ ብሎክ ውስጥ በየቤቱ ራውተር አለ፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሁሉም በአንድ ጠባብ ስፍራ ተራ ይጠባበቃል። ሳይነካኩ ጎን ለጎን መሥራት የሚችሉት የዋይፋይ መስመሮች፣ ማለትም ቻናሎች፣ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። የዋይፋይ መቃኛ መተግበሪያ በስልክ ጭነው ከሦስቱ ጉልበተኛ ጎረቤት የሌለበትን ይምረጡ፣ በራውተሩ ገጽ ላይም የቻናሉን ስፋት ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ያውርዱት። 40ው ወረቀት ላይ ፈጣን ነው፤ በተጨናነቀ ብሎክ ግን የበለጠ ግጭት ብቻ ያመጣል። 3 ወይም 9 ላይ ማስቀመጥ ከሁለት ወገን መረበሽ ነው፤ አያድርጉት። በገለልተኛ ግቢ ውስጥ ያለ ቪላ ግን መስመር ከመቀያየር ብዙም አያተርፍም፤ እዚያ ጠላቱ ግድግዳ ነው።

አጠገቡ ጥሩ፣ ጓዳና ሰርቪስ ቤት ግን ሞቶ ነው። ምን ይሻላል?

ከሁሉ በፊት ራውተሩን ከቡፌው ያውጡት። ከቴሌቪዥን ጀርባ፣ ወለል ላይ ወይም በብረት ሳጥን ውስጥ መቀመጥ ሞገዱን ገና ሳይጀምር ያዳክመዋል። ደረት ከፍታ ላይ፣ ከቤቱ መሃል፣ ከመስታወትና ከማቀዝቀዣ ራቅ አድርገው ያስቀምጡትና በሩቁ ክፍል ያንኑ ልኬት ይድገሙ። በብሎኬት ግድግዳ ሞገዱ ተዳክሞ ያልፋል፤ ፌሮ ያለበት ሶሌታ፣ ላሜራ በርና ቆርቆሮ ግን ያንጸባርቁታል። ለዚህ ነው ጂ+1 ቤት ላይ ራውተሩ ምድር ቤት ሲሆን የላይኛው ፎቅ የሚጎዳው።

ቦታ መቀየሩ ካልበቃ፣ ወደ ምሳሌው ቤት እንመለስ። ሰርቪስ ቤቱ ለ4 ሜጋ የተዳረገው በቆርቆሮና በብሎኬት ነውና መፍትሔው ያንን በአየር መጣስ አይደለም። በመሃል የሚቀመጥ ሪፒተር ብዙ ሰው ይገዛል፤ አብዛኞቹ ግን በአንድ ሞገድ ይቀበሉና በዚያው ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱ ግማሽ ይሆናል፤ ሰርቪስ ቤቱ አጠገብ ሲሰኩት ደግሞ ራሱ የሚቀበለው ደካማ ሲግናል ነው። ኬብል ዘርግቶ እዚያ ሁለተኛ ራውተር ማቆም ይሻላል። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ግቢው ይበቃዋል።

ኬብሉ ሙሉ መዳብ ይሁን፤ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ርካሽ ነው፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። ውጭ የሚዘረጋው ጥቁርና ፀሐይ የማይጎዳው ልባስ ያለው ይሁን፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አይሂድ። ከተቻለ በፒቪሲ ቱቦ ውስጥ መሬት ለመሬት ያሳልፉት። በአየር ላይ የተወጠረ ረጅም መዳብ በክረምት መብረቅ ሲመታ ሁለቱንም ራውተር ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ራውተር አሮጌ ቢሆንም ይሠራል። ላፕቶፕ ሰክተው የራሱን አድራሻ ከዋናው ራውተር ጋር በአንድ ተርታ ያድርጉት። ዋናው 192.168.100.1 ከሆነ ለእሱ 192.168.100.250 ይስጡት፣ ዋናው ለሌሎች መሣሪያዎች ከሚያድለው ዝርዝር ውጭ መሆኑን አይተው። አድራሻ የሚያድለውን የዲኤችሲፒ አገልግሎት በሁለተኛው ላይ ያጥፉት። ይህ ካልጠፋ ሁለት ራውተር አድራሻ ያድላል፣ አንዳንዱ ስልክ ይሠራል አንዳንዱ አይሠራም፣ የዚህም ምክንያት ለሰው ግራ ይሆናል። ከዋናው የመጣውን ኬብል በዋን ሳይሆን በላን ቀዳዳ ይሰኩ። የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል እንደ ዋናው ያድርጉት፣ መስመሩ ግን ይለይ፤ ዋናው 1 ከሆነ ይህኛው 6 ወይም 11።

ከዚያ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ ኬብሉን ወደ ላፕቶፑ ሰክተው ይለኩ። 47 ከመጣ ዝርጋታው ጤነኛ ነው። ቀጥሎ በዋይፋይ ይለኩ። ቅደም ተከተሉ እዚህም ያው ነው።

እኔ የምጠቀመው ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። ይህ ዘዴ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን አንድ ነገር ይለያል። የእርስዎ «ከውጭ የሚመጣው መስመር» ራሱ አየር ነው፤ ስለዚህ የኬብሉ ቁጥር ራውተሩ በተቀመጠበት ቦታ ይቀያየራል። ላፕቶፑን በኬብል እንዳገናኙ ራውተሩን በአራት መስኮት ላይ እያዟዟሩ ይለኩ፣ ወደ ታወሩ የሚያየውንም የማያየውንም። በመስኮት መካከል ልዩነቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው ቤት መሃል ላይ ያለ ራውተር ግን ብዙ ጊዜ ዝቅተኛውን ይሰጣል።

ለሲም ጥሩ የሆነው መስኮት ለዋይፋዩ ከቤቱ ጥግ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሳጥን ለማስታረቅ አይሞክሩ፦ ሳጥኑን በኬብል ልኬት ምርጥ በሆነው መስኮት ያቁሙት፣ ለሩቁ ክፍል ከላይ እንደተባለው በኬብል ሁለተኛ ራውተር ያድርጉለት።

ፍጥነቱ ጥሩ ነው ይላል፣ የቪዲዮ ጥሪ ግን ይቆራረጣል።

ጥሪ የሚፈልገው ጥቂት ሜጋ ብቻ ነው፤ የሚጎዳው በመረጃው መዘግየትና መጥፋት ነው። ያንንም በኬብልና በዋይፋይ ማነጻጸር ይቻላል፣ ዳታም አይበላም ለማለት ይቻላል። Command Prompt ላይ ipconfig ብለው የራውተሩን አድራሻ Default Gateway ከሚለው ያንብቡ፤ ከዚያ በ192.168.100.1 ቦታ እሱን ተክተው ይህን ይጻፉ፦

```
ping -n 50 192.168.100.1
ping -n 50 8.8.8.8
```

የመጀመሪያው እስከ ራውተሩ ብቻ ነው። በኬብል 1 ሚሊሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል። በዋይፋይ ጥቂት ሚሊሰከንድ ከሆነ ደህና ነው፤ አንዴ 3፣ አንዴ 180 እያለ የሚዘልና «Request timed out» የሚል ከሆነ ግን ጥሪውን የሚቆራርጠው ዋይፋዩ ነው። የመጀመሪያው ጤነኛ ሆኖ ሁለተኛው የሚዘል ከሆነ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። አንዴ ደግሞ ሁለቱንም ቤቱ ሥራ ላይ እያለ ይሞክሩ፤ አንድ ስልክ ፎቶ መጫን ሲጀምር ሁለተኛው ፒንግ ከ20 ወደ 400 ከዘለለ፣ ወደ ላይ የሚጭነው መስመር ሞልቶ ተጨናንቋል። ያኔ የፎቶ መጫኑን ወደ ሌሊት ማዛወር ከማንኛውም ግዢ ይበልጣል።

ለአገልግሎት ሰጪው ስደውል ምን ልበል?

«ዋይፋዬ ቀርፋፋ ነው» አይበሉ፤ መልሱ «ራውተሩን አጥፍተው ያብሩ» ነው የሚሆነው። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ «ጥቅሌ 50 ነው። ዋይፋዩን አጥፍቼ፣ በኬብል፣ ሌላ መሣሪያ ሳይኖር ለካሁ። ሦስት ቀን በጠዋት፣ በቀትርና በምሽት 12፣ 13፣ 11 ነው የመጣው።» የልኬቱን ገጽ ሰዓቱ እንዲታይ አድርገው ስክሪኑን ያንሱት። ቴክኒሻኑ ሲመጣም እርስዎ ባሉበት፣ በራሱ ላፕቶፕ፣ በኬብል እንዲለካ ይጠይቁት፤ የእሱ ላፕቶፕ 47 አሳይቶ የእርስዎ 12 ካሳየ፣ ሊታይ የሚገባው የእርስዎ ላፕቶፕ ወይም አዳፕተሩ ነው።